ከሰባ አንድ ልጅ ሃምሳ ሦስቱ

ደብዳቤውን ስትጽፍ አንድ ቃል እንኳ አልሰረዘችም። በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይሄ ነው። የሚያመነታ ሰው ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ ወረቀት ቀዶ ይጥላል፤ እሷ ግን ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ ወርዳ፣ ከግርጌው ፈርማ፣ የጤና ኬላውን ማኅተም ጠረጴዛው እስኪጮህ ድረስ መታችበት።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ አልጋ፣ የሕፃናት ሚዛንና ቁመት መለኪያ አለ፤ በሌላው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ወገኑ ዘመም ያለ መደርደሪያ። ማቀዝቀዣ የለም። ክትባቱ በወር አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሣጥን ይመጣል፤ በዚያ ቀን ያልተወጋ ልጅ የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃል። የሥራ ባልደረባዋ ወልዳ እረፍት ከወጣች ወዲህ ጤና ሠራተኛዋ ብቻዋን ነበረች። ብቻን መሥራት አንድ መጥፎ ጎን አለው፤ «እስቲ ቆይ፣ ድገሚው» የሚል ሰው አይገኝም።

ነገሩ የጀመረው በቁጥር ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ለየአካባቢው ዕቅድ ይልካል። ለሷ የደረሳት እንዲህ ይል ነበር፦ በአካባቢሽ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰው አለ፤ ከመቶው ሰው ሦስቱ በዚህ ዓመት የኩፍኝ ክትባት የሚደርስላቸው ሕፃናት ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ሰባ ሁለት ልጅ ይጠበቅብሻል። ዓመቱ ሲዘጋ የከተበችው ሃምሳ ሦስት ሆነ። ሃምሳ ሦስት ከሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት በመቶ። በወረዳው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ደግሞ ከሰማንያ በታች የሆነ ሁሉ ቀይ ይቀባል። እሷም ቀይ ተቀባች።

ቀይ! ያውም እሷ! ትምህርቷ ባጭር ሲቀር መጽሐፍ እየተዋሰች፣ ሻማ ሳይሆን ራሷን እያነደደች የተማረች፤ ለሥራው ስትፈተን አስተማሪ ካላቸው ልጆች ሁሉ በልጣ ያለፈች፤ የሰው ስሕተት ከሩቅ የሚሸታት ሴት! በወረዳው ስብሰባ ቀይ የሆኑት ሁሉ ተራ በተራ እየተነሡ ምክንያታቸውን ይናገሩ ነበር። በሷ ሆድ ውስጥ ግን ደብዳቤው እየተጻፈ ነበር።

«ለመሆኑ ሰባ ሁለቱን ማን ቆጠራቸው?» አለች ጤና ኬላዋ እንደ ገባች፣ ለመደርደሪያው። መዝገቧን ገለጠች። በመዝገቡ ላይ ሃምሳ አራት ሕፃናት አሉ። ሃምሳ ሦስቱ ተወግተዋል፤ አንዷ እናቷ ይዛት ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ቀርታለች። ይኸው ነው! ሃምሳ ሦስት ከሃምሳ አራት። ጻፈች፦

«ጉዳዩ፦ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ቁጥር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ከጽሕፈት ቤቱ የተላከልን የ72 ሕፃናት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የተገመተ እንጂ በእግር ተሂዶ የተቆጠረ አይደለም። እኔ ቤት ለቤት ተዘዋውሬ ያሉትን ሕፃናት በሙሉ የመዘገብኩ ሲሆን ቁጥራቸው 54 ነው። ከእነዚህም 53ቱ ተከትበዋል። ስለሆነም የአካባቢያችን ሽፋን 74 ሳይሆን 98 በመቶ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ለወደፊቱ ከመገመት መጠየቅ እንደሚሻል በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ትሕትና ያለው «በትሕትና» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም ላይ ቢሆን ተውሶ ነው።

ደብዳቤው ተቀባይነት አገኘ። በወረዳው ክትባቱን የሚመሩት ትልቅ ሴት፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው ነርስ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው ከጉዳዩ እስከ ሰላምታው አነበቡት። «እንዲህ ነው መሟገት!» አሉ። «እናንተ ቀይ ስትባሉ ታቀረቅራላችሁ፤ ይቺ ልጅ ቆጥራ መጣች።» መረጃውን በኮምፒውተር የሚያስገባው፣ ድምር ብለው የሚጠሩት ቀጭን ሰውዬ፣ ሰባ ሁለቱን አጥፍቶ ሃምሳ አራት አደረገው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። በዚያው ቀን ስሟም ተቀየረ፤ ወረዳው ውስጥ «ዘጠና ስምንት» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

«ዘጠና ስምንት! ሁለቱን በመቶ የት ጣልሻቸው?» ይላታል ድምር ባገኛት ቁጥር።

«ላንተ አስቀምጬልህ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሰው እንድትሆን» ትለዋለች። ቢሮው ይስቃል።

አረንጓዴ መሆን የሚያመጣው ሌላም ነገር ነበር። ወረዳው ያለው የመስክ ክትባት ቡድን አንድ ብቻ ነው፤ አንድ መኪና፣ ሦስት ሰው። ቡድኑ ሩቅ መንደሮችን ሊያዳርስ የሚወጣው ቀይ ወደሆኑት አካባቢዎች ነው። ወደሷም ሦስት ቀን ሊመጣ ተይዞላት ነበር፤ ደብዳቤው ሲደርስ ስሟ ተሰርዞ ቀኖቹ ለሌላ ተሰጡ። ይህንን ስትሰማ ደስ አላት። የታመመ ሰው ቤት እንጂ የጤነኛ ቤት ሐኪም አይላክም ብላ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በገበያው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ሁሉ የልጃቸውን ቁጥር ሳይሰማ አይወጣም። «ዘጠና ስምንት በመቶ! ወረዳውን አንቀጥቅጣ አስተካከለችው እኮ!» ይላሉ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው። «አባዬ፣ መርፌውን ትውጠውና ደግሞ አንተን እመዘግባለሁ» ትላቸዋለች። ግን አስቁማቸው አታውቅም።

ይሄ ሁሉ ከሆነ አራት ወር አልፎ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ወጣት እናት ሦስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ በሩ ላይ ቆመች። የሴትዮዋ እግር እስከ ጉልበቷ በነጭ የድንጋይ አቧራ ተሸፍኗል። ልጅቷ ዓይኗ ደም መስሏል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ታስላለች። ጤና ሠራተኛዋ የልጅቷን ፀጉር ከግንባሯ ገለል ስታደርግ ሽፍታውን አየችው፤ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ፊቷን ይዞ ወደ አንገቷ ወርዷል። ሰውነቷ እሳት ነው።

ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለጋትም።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ትኩሳቱ አምስት። ሽፍታው ትናንት ነው።»

«ካርዷን አምጪ።»

«የምን ካርድ?»

«የክትባት ካርዷን ነዋ።»

እናትየዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እያቀፈች አየቻት። «ይሄ ካርድ የሚሰጠው የት ነው?»

ጤና ሠራተኛዋ ወደ ሴትዮዋ እግር አየች። «የምትኖሪው የት ነው?» አለች፣ መልሱን ከእግሯ አቧራ ላይ እያነበበች።

«ድንጋይ ፈለጣው ጋ።»

ድንጋይ ፈለጣው! ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው እየተቦረቦረ ለቤት መሥሪያ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ። ሠራተኞቹ ከየቦታው የመጡ ናቸው፤ በላስቲክና በቆርቆሮ የተሠሩ መጠለያዎች ውስጥ ይኖራሉ። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ጤና ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ መዝገቧን ይዛ ሄዳ ነበር። ሴቶቹ ከበቧት፤ «ልታስነሡን ነው የምትቆጥሩን? ሂጂ ወዲያ!» አሏት፤ አንዷም አካሄዷን እያስመሰለች ሌሎቹን አሳቀችባት። እሷ ደግሞ በሌላ ሰው መሳቅ እንጂ ሲሳቅባት አልለመደችም። «እነዚህ አላፊ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ አሉ ነገ የሉም» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ወንዙን አልተሻገረችም።

አሁን ያንን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ልጅቷን መዘነች፣ ቫይታሚን ኤ ጠብ አደረገችላት፣ ዓይኗን አጠበችላት፣ ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያ ወረቀት ጻፈችላት። ከዚያ፣ እንደ ደንቡ፣ ኩፍኝ የሚጠረጠር ሰው ሲገኝ በዚያው ቀን ለወረዳው ይነገራልና ስልክ ደወለች። ያነሣው ድምር ነው።

«ዘጠና ስምንት! በጠዋቱ ምን ተገኘ?»

«ኩፍኝ ይመስለኛል። ሴት፣ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር። አልተከተበችም።»

የድምር ቀልድ ጠፋ። «ካንቺ አካባቢ ናት?»

ይህቺ ጥያቄ ከሁለት ፊደል የማትበልጥ መልስ ነው የምትፈልገው። ጤና ሠራተኛዋ እናትየዋን አየቻት። እናትየዋ ልጇን በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች ነበር።

«አይደለችም» አለች። «ከውጭ የመጡ ናቸው። አላፊ።»

ስልኩን ዘጋች። እናትየዋ ልጇን እንደገና እያዘለች፣ ያለ ቅሬታ፣ ዝም ብሎ እንደሚወራ ወሬ፣ «እኛስ እዚያው ከገባን ሦስት ዓመት ሆነን። እሷን የወለድኳት እዚያው ነው» አለች። በሩ ጋ ስትደርስም ዞር ብላ፣ «የጎረቤቴም ልጅ ከትናንት ጀምሮ እያተኮሰው ነው፤ ላምጣው እንዴ?» አለች።

«እሱንም እናቱ ጤና ጣቢያ ትውሰደው» አለቻት። ሴትዮዋ ስትሄድ ጤና ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ወደ ራሷ ጎተተች። ሃምሳ አራት ስም። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። እያንዳንዱ ስም የተጻፈው መቼ እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቱ ልጁን ለመጀመሪያው መርፌ ይዛው በመጣች ቀን ነው። የመጣ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ቢቀር እሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታመጣዋለች። በዚህ ማንም አይቀድማትም። ግን ከናካቴው ያልመጣ ልጅ በየትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? መዝገቡ የሚያውቀው የመጡትን ብቻ ነው። ከመጡት ውስጥ ዘጠና ስምንት በመቶው ጨርሰዋል፤ እውነት ነው። ደብዳቤው ላይ ግን «ከመጡት» አላለችም። «ያሉትን ሕፃናት በሙሉ» ነው ያለችው። «ቤት ለቤት ተዘዋውሬ» ነው ያለችው።

ስሌቱ ተሳስቶባት ቢሆን ኖሮ እፍረቱ በቀለለ። ስሌት ሁሉም ይሳሳታል። «ቤት ለቤት» ግን ስሌት አይደለም። ውሸት ነው፤ ማኅተም ያለው ውሸት።

በሩን ቆልፋ ወንዙን ተሻገረች።

ድንጋይ ፈለጣው እስከ ማታ ድረስ ያንኳኳል። ወንዶቹ ላይ ገደሉ ላይ ናቸው፤ ሴቶቹ ታች በመዶሻ ድንጋይ ይከሰክሳሉ፤ ሕፃናቱ ደግሞ ከፊሉ በእናቶቻቸው ጀርባ፣ ከፊሉ በላስቲክ ጥላ ሥር። ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም «ሂጂ ወዲያ» አላላትም። «የታመመችውን ልጅ ያየሽላት አንቺ ነሽ?» አሏት፤ ወንበር ብለው ድንጋይ አቀረቡላት። ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

ከመጠለያ ወደ መጠለያ ገባች። አሁን ቤት ለቤት ማለት ምን እንደሆነ ጉልበቷ አወቀው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ሰባ ስድስት ልጅ አገኘች። ከነዚያ ውስጥ ባለፈው ዓመት ዕቅድ ተወግተው መሆን የነበረባቸው ሕፃናት አሥራ ሰባት ናቸው። አንዱም አልተወጋም። አሥራ ስድስተኛው ጉንጩ የተነፋ፣ ሳቂታ ወንድ ልጅ ነው፤ መክሳት አለመክሳቱን ለማየት ክንዱን ስትለካው እስክሪብቶዋን ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተው። ደህና ነበር። ምንም አልነበረበትም።

ሲመሽ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ደመረች። ሃምሳ አራትና አሥራ ሰባት፣ ሰባ አንድ።

ሰባ አንድ። ጠረጴዛ ላይ ገመቱ ብላ የሰደበቻቸው ሰዎች ሰባ ሁለት ብለው ነበር። ባንድ ልጅ ነው የሳቱት። እሷ በእግሬ ቆጠርኩ ብላ በአሥራ ሰባት። ሃምሳ ሦስት ከሰባ አንድ፣ ሰባ አምስት በመቶ እንኳ በወጉ አይሞላም። መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ የሚባለው ለካ እንዲሁ ለወግ አይደለም፤ ጤና ሠራተኛዋ በእውነት እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየችው።

አባቷ ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረሰች። የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ሲተኩሱ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የስልኩንም ጭምር። ካውያውን አቁመው ሰሟት።

«ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ዋሽቻለሁ ብዬ።»

«በስመ አብ!» አሉ። «ምን ቁርጥ አርጎሽ? ልጆቹ ይታከሙ፤ እኔ አይታከሙ አልኩ? በሽታውን ንገሪያቸውና ቁጥሩን ተይው። ቁጥር ማንን ገደለ?»

«አባዬ፣ ቡድኑ የሚወጣው በቁጥሩ ነው። እኔ አረንጓዴ ነኝ። ለአረንጓዴ ማንም አይመጣም። ልጅቷም ከውጭ ናት ብያቸዋለሁ። ለማን ብለው ይምጡ?»

አባቷ ኮቱን ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔስ ለሰው ምን እላለሁ?» አሉ።

«ያልከውን ሁሉ መልሰህ ዋጠው! እኔ ተናገርልኝ ብዬህ ነበር?»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ብላው ነበርና፤ በቃል ባይሆንም ዝም በማለት፣ እየሳቀች በመስማት፣ ሰው ፊት ስሟን ሲያነሡላት ቀና ብላ በማለፍ። አባቷ ሽቦ ላይ የተሰቀለውን ልብስ ዝም ብለው ማስተካከል ጀመሩ፣ የተስተካከለውን። እሷም ይቅርታ ማለት አቅቷት እዚያው ጥግ ላይ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀት ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ይሄኛውን ስትጽፍ ሰባት ወረቀት ቀደደች።

ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረዳ ወረደች። ቢሮው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሲስተር ከመስኮቱ አጠገብ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ይጽፋሉ፤ ድምር ከኮምፒውተሩ ኋላ አንገቱ ብቻ ይታያል።

«ዘጠና ስምንት ራሷ በአካል! ዛሬ ደግሞ መቶ ልትሆኚ ነው?» አለ።

«ተወኝ ዛሬ» አለችው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ደብዳቤውን ለሲስተር በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሲስተር የመጀመሪያውን መስመር አዩና ቆም አሉ። ወረቀቱን መልሰው ዘረጉላት።

«አንብቢው።»

«ሲስተር፣ እርስዎ ቢያነቡት…»

«የፊተኛውን እኔ አነበብኩት፤ እዚሁ ሰዎች ፊት። ይሄኛውን አንቺ አንብቢው። ጮክ ብለሽ።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ፊታቸው ላይ የሚለመን ነገር አልነበረም። ቆመች። ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው።

«ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የላክሁት የክትባት ሽፋን ስሕተት መሆኑን ስለማሳወቅ» አለች። «ሽፋኑ 98 በመቶ ነው ብዬ የጻፍኩት ወደ ጤና ኬላው የመጡትን ሕፃናት ብቻ በመቁጠር ነው። በአካባቢያችን የሚኖሩት የድንጋይ ፈለጣው ሕፃናት በመዝገቤ ውስጥ የሉም። ትናንት ቆጥሬያቸዋለሁ። በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መግባት የነበረባቸው 17 ናቸው። ስለዚህ የሕፃናቱ ቁጥር 71፣ የተከተቡት 53፣ ሽፋኑም 75 በመቶ ነው። ቤት ለቤት…»

እዚህ ላይ አቆመች። አንዱ ሰውዬ ወንበሩን አንኮሻኮሸ። ሌላው የሚያደርገው ጠፍቶት ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ገለበጠ።

«ቀጥዪ» አሉ ሲስተር።

«ቤት ለቤት ተዘዋውሬ የሚለው እውነት አይደለም። አልተዘዋወርኩም። ትናንት በስልክ ያሳወቅኳት የኩፍኝ ታማሚም ከውጭ የመጣች ሳትሆን እዚሁ የተወለደች ናት። ይህንንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከሰላምታ ጋር።»

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹ።

«ሰባ ሁለቱን በሃምሳ አራት ሳስቀይረው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሥራ ስምንት ልጅ የት ገባ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ደብዳቤሽ ስለጣመኝ አልጠየቅኩም። ቁጣሽ ጣመኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ፤ የሥራ ድምፅ ሆነ። «ቡድኑ የት ነው ያለው?»

«እስከ ረቡዕ ማታ ታች ቆላው ነው» አለ ድምር።

«ሐሙስ ጠዋት ወንዙ ማዶ። ዛሬ ጤና ጣቢያው ላይ የልጅቷ ደም ለምርመራ ይወሰድ። አንቺ፣ ስንት ጠርሙስ ክትባት?»

«ስምንት» አለች ወዲያው፤ ይሄን ሚኒባስ ውስጥ ሠርታው መጥታለች። «ሰባ ስድስት ልጅ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለአሥር። ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ አንድ በአንድ ነው የምንከፍተው።»

«ከዛሬ ጀምሮ አይሆንም ሲስተር?» አለች ቀጥላ፣ ባልለመደችው ድምፅ እየለመነች። «ትንሽ ጠርሙስ ስጡኝ፤ በእጄ ይዤ ልሂድ።»

«ክምችት የሚታዘዘው በቁጥሩ ነው ልጄ። ያንቺን ቀንሰነዋል። ያለው መኪናው ላይ ነው።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ስትወጣ ድምር እስከ በሩ ተከተላትና የሚቀልደው አጥቶ፣ «ሚኒባሱ በዚህ በኩል ነው የሚቆመው» አላት። እሷም የምታውቀውን ቦታ እንደማታውቅ ሆና አመሰገነችው።

ሐሙስ መኪናው በሁለት ሰዓት ደረሰ። ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለመርፌ። ሥራው እንደ ጅረት ወረደ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ካርድ፣ ግራ ክንድ፣ ልቅሶ፣ ቀጣይ። እናቶቹ እየተገፋፉ፣ እየተተራረቡ፣ «አንቺ ቅድም መጥተሽ ነበር፤ ያው ልጅ ነው ወይስ ሌላ ወለድሽ?» እየተባባሉ ተሰለፉ። የመጀመሪያዋ ታማሚ ልጅ እናትም መጣች፤ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ተኝታ ዓይኗን መክፈት ጀምራለች፤ እሷ ታናሿን ለማስወጋት ነው የተመለሰችው።

«እግዜር ይስጥልን» አለቻት ካርዱን ስትቀበላት። «አንቺ ባትኖሪ ማን ያውቀን ነበር?»

ጤና ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አትመርቂኝ» አለች። «ቡድኑ ከአራት ወር በፊት ሊመጣ ነበር። አያስፈልግም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተን ሳልቆጥር ሁሉም ተከትቧል ብዬ ጻፍኩ።»

እናትየዋ ትንሽ አየቻት። ስትቆጣም፣ ይቅር ስትልም አልታየችም፤ እንደ ከባድ ድንጋይ በየት በኩል እንደሚያዝ የምታሰላ ትመስል ነበር።

«አሁን ይሄኛው ተወጋልኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ተወጋ።»

«እንግዲያው ልሂድ፤ ያችኛዋ ትጠብቀኛለች።» ካርዱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ጠርሙስ ተከፈተ። ጤና ሠራተኛዋ የአሥራ ሰባቱን ሕፃናት ዝርዝር ለብቻ ይዛ ነበር፤ አንድ በአንድ ምልክት አደረገችበት። አሥራ ስድስተኛው መስመር ባዶ ነበር።

«ይሄኛውስ?» አለች። «ጉንጫሙ ልጅ? እስክሪብቶዬን የነጠቀኝ?»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ መለሰችላት። «ማክሰኞ ማታ አተኮሰው። ትናንት ትንፋሹ ሲያጥርበት ሆስፒታል ወሰዱት። በአፍንጫው ኦክስጅን አድርገውለታል አሉ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደህና ነበር። ክንዱን የለካችው እሷ ነች። «በቅርቡ እንወጋዋለን» ብላ ለእናቱ የነገረችውም እሷ ነች። ኩፍኙ ሰውነቱ የገባው ከዚያ ብዙ ቀን ቀድሞ እንደሆነ ታውቃለች፤ የሰኞ መርፌ ላያድነው ይችል ነበር። የአራት ወር በፊቱን ግን እንዲህ ብላ ልትሸሸው አልቻለችም። ያኔ ለመርፌው ዕድሜው ደርሶ ነበር ብላ አሰበች፤ ቡድኑ መጥቶ ቢሆን እሱም ይወጋ ነበር፤ ትልልቆቹም ቢወጉ ከማን ይይዘው ነበር? አእምሮዋ በዚህም በዚያም ሲሮጥ መውጫ ቀዳዳ አጣ።

ስልኳ ጮኸ። ድምር ነው፤ የቀኑን ውጤት ሳያስገባ ቢሮ አይዘጋም።

«እሺ፣ እንዴት ሆነ? ሕፃናቱ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ከአሥራ ሰባት? ዘጠና አራት በመቶ! በአንድ ቀን! ላስገባው?»

«ፐርሰንት አታድርገው» አለች።

«ሰንጠረዡ ሌላ አይቀበልማ።»

«እንግዲያው ከጎኑ ጻፍ፤ አንዱ ሆስፒታል ነው በል።»

«ከጎኑ ቦታ የለውም እኮ…» አለና ድምፁ ተቋረጠ። የሆነ ነገር ሲፈልግ ይሰማል፤ መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ። «ቆይ፣ በእጄ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ማን ልበለው?»

የልጁን ስም ነገረችው። እየደጋገመ ጻፈው። ከዚያ መዝገቡን ለቡድኑ አስረከበችና የሕፃኑን እናት ጎረቤት ጠየቀቻት፣ ወደ ሆስፒታል የሚወጣ ሰው አለ ወይ፣ እዚያ ለሚያድር ሰው ምን ይወሰዳል ብላ። ሴትዮዋ እናቱ ስትሄድ ልብስ እንኳ አልያዘችም አለችና ከመጠለያው ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ አወጣችላት። አቧራውን አራግፋ አጥፋ ሰጠቻት።

ጤና ሠራተኛዋ ብርድ ልብሱን ክንዷ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ ወጣች። ለእናትየዋ ምን እንደምትላት አላወቀችም። ገና መንገድ ነበረ፤ እየሄደች ታስባለች።